የአክስታችን የሙዝ ኬክ፣ በቅደም ተከተል

እህቴ፣

አክስታችን የሙዝ ኬኩን አሠራር በድምፅ የላከችልንን መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። ባለፈው ቅዳሜ ያበላሸሽው ባለሙያ ስላልሆንሽ አይደለም። አነጋገሯ ወደፊትም ወደኋላም ስለሚሄድ ነው። መጀመሪያ እንዳለ ገለበጥኩት፦

«እንግዲህ ሙዙን ትደፈጥጫለሽ፣ ትልልቅ ከሆነ ሦስት ይበቃል። ከዚያ ዱቄቱን ጨምረሽ ቶሎ ኦቨን ውስጥ ማስገባት ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ቅቤው ግን ቀልጦ መብረድ አለበት፣ እሱን ቀደም ብለሽ ነው። እንቁላል አንድ። ስኳር ኩባያው ሩብ ጎደል ሲል። ዱቄት አንድ ኩባያ ተኩል። ሶዳውን ከዱቄቱ ጋር ነው የምትነፊው፣ ለብቻው እንዳትጨምሪ። ኧረ ኦቨኑን መጀመሪያ ለኩሺው፣ ረሳሁት! ቀረፋ ትንሽ፣ ጨው ቆንጠር። ሲወጣ ቶሎ አትቁረጪው፣ ይፈራርሳል። ቫኒላም ካለሽ።»

የቅቤው መጠን የለም። የእሳቱም የለም። «ትንሽ» እና «ቆንጠር» ደግሞ በእሷ እጅ ነው የሚለኩት። ስለዚህ ደወልኩላትና ሚዛንና ማንኪያ አስይዤ አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ኩባያዋ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ነው። የሻይ ማንኪያ ስል ደግሞ ልክ አፉ ድረስ የተሞላ እንጂ የተቆለለ አይደለም።

የሚያስፈልገው

- በጣም የበሰለ ትልቅ ሙዝ፣ 3 (ተልጦ 350 ግራም ያህል)
- የገበታ ቅቤ፣ 80 ግራም፣ መጋገሪያውን ለመቀባት ትንሽ ጨምሪ
- ስኳር፣ 150 ግራም (¾ ኩባያ)
- እንቁላል፣ 1
- ቫኒላ፣ 1 የሻይ ማንኪያ (ባይኖርም ይሆናል)
- የስንዴ ዱቄት፣ 190 ግራም (1½ ኩባያ)
- ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 የሻይ ማንኪያ
- ጨው፣ ¼ የሻይ ማንኪያ
- ቀረፋ፣ ½ የሻይ ማንኪያ

ሶዳውን አደራ። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ በዚሁ መጠን ብትተኪው ኬኩ በደንብ አይነሳም። ሙዙም ልጣጩ ጠቆር ያለ ይሁን። ቢጫው ገና ጣፋጭነቱ አልወጣም፣ ሲደፈጠጥም ጓል ይሆናል።

አሠራሩ

1. ኦቨኑን 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለኩሺ። ረዘም ያለውን የኬክ መጋገሪያ ቅቤ ቀቢው።
2. ቅቤውን በቀስታ አቅልጪና አስቀምጪው። ጣትሽን ሲነካ ለብ ማለት አለበት። ትኩሱን ከጨመርሽው እንቁላሉ ይበስልብሻል።
3. ዱቄቱን፣ ሶዳውን፣ ጨውንና ቀረፋውን አንድ ላይ በወንፊት ነፍተሽ ለብቻ አስቀምጪ። ሶዳው ካልተበተነ አንዱ ቁራሽ ይመርራል።
4. በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሙዙን በሹካ ደፍጥጪው። ጥቃቅን ጓል ቢቀር ችግር የለውም።
5. የበረደውን ቅቤ ሙዙ ላይ አፍስሺና አዋህጂ። ስኳሩን፣ እንቁላሉንና ቫኒላውን ጨምረሽ አማስይ።
6. የተነፋውን ዱቄት ጨምሪና በማንኪያ ከታች ወደ ላይ እየገለበጥሽ አዋህጂ። ነጭ ዱቄት መታየት ሲያቆም አንቺም አቁሚ። ቅዳሜ የደረቀብሽ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ብዙ ሲማሰል እንደ ዳቦ ሊጥ ይጠነክራል።
7. ወዲያው መጋገሪያው ውስጥ ገልብጠሽ ኦቨኑ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ አስገቢ። ሶዳው ከእርጥበቱ ጋር ሲገናኝ ሥራውን ስለሚጀምር ሊጡ ቆሞ አይጠብቅም። አክስታችን «ቶሎ» ያለችው ለዚህ ነው።
8. ከ55 እስከ 60 ደቂቃ ጋግሪ። 50ኛው ደቂቃ ላይ መሀሉን በስቴኪኒ ውጊው። እርጥብ ሊጥ ይዞ ከወጣ መልሺው። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል አልብሺው።
9. አውጥተሽ መጋገሪያው ውስጥ እንዳለ 10 ደቂቃ አቆዪው። ከዚያ ገልብጠሽ በሽቦ መደርደሪያ ላይ አብርጂው። ለመቁረጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቂ።

ይህን ሁሉ በስልክ አነበብኩላት። አንድ ቦታ ብቻ አረመችኝ። 8ኛው ላይ ስቴኪኒው ፍጹም ደርቆ እስኪወጣ አትጠብቂ ብላለች፤ ሁለት ሦስት ፍርፋሪ ይዞ ሲወጣ ነው የምታወጣው። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ጨምሪው።