የፍተሻ ዕቅድ፦ የሞባይል ባንኪንግ መተግበሪያ፣ ሥሪት 2.4

ያዘጋጀው፦ የጥራት ፍተሻ ቡድን፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
የሚደርሳቸው፦ አልሚዎች፣ የዲጂታል ባንኪንግ ክፍል፣ የሒሳብ ክፍል፣ የጥሪ ማዕከል
ፍተሻው፦ ከሰኞ ጥቅምት 10 እስከ ዓርብ ጥቅምት 21
የሚለቀቅበት ቀን፦ ማክሰኞ ጥቅምት 25

1. የሚፈተሸው

ሥሪት 2.4 ሦስት አዲስ ነገር ይዟል፦ በኢትስዊች በኩል ወደ ሌላ ባንክ መላክ፣ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚወጣ የሒሳብ መግለጫ፣ በአማርኛ የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥር። መግቢያ፣ ቀሪ ሒሳብ ማየትና የአየር ሰዓት መሙላት አልተነኩም። ቢሆንም በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት በ09ም በ07ም በሚጀምሩ ስልኮች እንደገና ይታያሉ።

የአይፎኑ ሥሪት በዚህ ዙር የለም። የሰርጎ ገብ ፍተሻውን የውጭ ባለሙያ ለብቻው ይሠራዋል፤ እኛ የምናየው ፒን አምስት ጊዜ ሲሳሳት መዘጋቱን ብቻ ነው።

2. ዋናው ስጋት፦ ሁለት ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ

ካሉን አሥር የሥራ ቀናት አራቱ ለዚህ ናቸው። ይበዛል ያለ ሰው ሥሪት 2.2ን ያስታውስ፦ ኔትወርክ ሲቋረጥ «እንደገና ሞክር» የሚል መልእክት ይመጣል፣ ደንበኛው ይነካዋል፣ የመጀመሪያው ግን ሰርቨር ላይ አልፎ ኖሯል። ሒሳብ ክፍሉ አንድ በአንድ እየለቀመ ሲመልስ ሳምንት ፈጀበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሙከራ ሒሳብ 1,250.75 ብር ይላካል። ፒኑ ገብቶ «ላክ» እንደተነካ በሦስት የተለያዩ ቅጽበቶች ዳታ ይዘጋል፦ ጥያቄው ከስልኩ ሳይወጣ፣ ሰርቨር ከደረሰ በኋላ፣ ኢትስዊች ከመለሰ በኋላ ግን መልሱ ስልኩ ላይ ሳይደርስ። በእያንዳንዱ ላይ «ላክ»ን ደጋግሞ መንካት፣ መተግበሪያውን ዘግቶ መክፈት፣ ስልኩን ማጥፋትም ይሞከራል። መልሱ ካልታወቀ ስክሪኑ «በሂደት ላይ» ማለት አለበት፤ «አልተሳካም» ካለ ወድቋል። ከየዙሩ በኋላ ይህ ይጠየቃል፦

```sql
SELECT request_id, COUNT(*) FROM transfers
GROUP BY request_id HAVING COUNT(*) > 1;
```

ምንም መስመር መምጣት የለበትም። ይሁንና ባዶ መልስ ብቻውን አያስተማምንም፤ የ2.2 ስህተት መተግበሪያው በየሙከራው አዲስ `request_id` መፍጠሩ ነበርና ይህ ጥያቄ አይዘውም። ስለዚህ ከአንድ ላኪ ለአንድ ተቀባይ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ በእኩል መጠን የወጣ ሁሉ በእጅ ይታያል። የሒሳብ ክፍል ባልደረባ በየቀኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የእኛን መዝገብ ከኢትስዊች የሙከራ ሪፖርት ጋር ያስታርቃል።

3. ቀንና ሰዓት

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 መመረጥ አለበት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2017 ግን የለምና ስክሪኑ ላይ መታየት የለበትም። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዩቲሲ ስለሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተላከ ገንዘብ መግለጫው ላይ በትናንቱ ቀን ሊወጣ ይችላል። የዕለት ገደቡም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይታደስ ወይስ 9 ሰዓት፣ አብሮ ይታያል። ይህን የሚሠራ አንድ ሰው ሐሙስ ሌሊት ያመሻል፤ በማግሥቱ እረፍቱ ነው።

4. የማረጋገጫ መልእክት

በፊደል የተጻፈ አጭር መልእክት ከ160 ሳይሆን ከ70 ምልክት በላይ ሲሆን ይከፈላል። አሁን ያለው ጽሑፍ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ጀምሮ ቁጥሩን መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። ቁጥሩ ይቅደም፣ መልእክቱም ከ70 አይለፍ። በሁለቱም ቴሌኮሞች፣ ፊደል በማያነብ አሮጌ ቀፎም ጭምር ይሞከራል፤ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ከታየ እንደ ስህተት ይመዘገባል።

5. ስልኮችና መረጃ

አምስት ስልክ አለን፦ ሁለት ቴክኖ፣ አንድ አይቴል፣ ሁለት ሳምሰንግ። ማንኛውም ፍተሻ መጀመሪያ 2 ጊጋባይት ራም ባለው አይቴል ላይ ይሠራል። የቢሮው ዋይፋይ ለፍተሻ አይውልም። አርባ የሙከራ ሒሳቦች ተከፍተዋል፤ የእውነተኛ ደንበኛ ስምም ሆነ ስልክ ወደ ሙከራ ሰርቨር አይገባም። ከስሞቹ መካከል «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሆን ተብለው ገብተዋል፦ አንዱን የፈለገ ሌላውንም ያግኝ።

6. መልቀቂያ መስፈርት

የገንዘብ መጠን የሚያዛባ ስህተት፣ አንድ ሳንቲምም ቢሆን፣ ደረጃ 1 ነው፤ አንድም ደረጃ 1 ካለ አይለቀቅም። ደንበኛን ከመግባት የሚያግድ ደረጃ 2 ነው፤ እሱም አይታለፍም። የጽሑፍና የመልክ ጉድለት እስከ አሥር ድረስ ተመዝግቦ ያልፋል። ውሳኔው ሰኞ ጥቅምት 24 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ካልፈረሙ የእኛ ፊርማ ብቻውን አይበቃም።

7. ከተለቀቀ በኋላ

በፕሌይ ስቶር መጀመሪያ ለ5 በመቶ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ለ20 በመቶ፣ ከዚያ ለሁሉም ይደርሳል። ስልክ ላይ የገባ ሥሪት ተመልሶ አይወጣምና «ወደ ሌላ ባንክ» የሚለው ከሰርቨር የሚጠፋበት ማብሪያ ማጥፊያ ራሱ ረቡዕ ጥቅምት 19 ይፈተሻል፦ ሲጠፋ በመካከል ያለ ክፍያ ምን ይሆናል? ማብሪያውን የማጥፋት ሥልጣን ለተረኛው የጥሪ ማዕከል ኃላፊም ተሰጥቷል፤ ሌሊት ስልክ የሚደወለው ለእነሱ ነው።