የሐሙስ እቁባችን ሂሳብ፣ ከመስከረም 22 እስከ ታህሳስ 23/2018

ሰላም ለሁላችሁም፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሐሙስ ቆጥረን ስንጨርስ መሽቶ ግማሹ ሰው ሄዶ ነበር፣ የቀረው በስልክ ነው የሰማው፣ ከዛ ወዲህ ስንት ጎደለ ማነው ያልጣለው የሚል ወሬ እዚህ ጅማ መርካቶ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ስለሆነ ሁሉንም ቁጥር እዚሁ እጽፈዋለሁ። የኔን ደብተርና የሰናይትን ደብተር መስመር በመስመር አስተያይተነዋል፣ ጋሽ ተካም እንደ ዳኛ አይተው ፈርመውበታል።

እንግዲ እኛ 24 ሰው ነን፣ 20 ሙሉ እጣ 4 ደሞ ግማሽ፣ ስለዚ 22 እጣ ማለት ነው። በሳምንት ሙሉው 2,000 ግማሹ 1,000፣ በአንድ ሐሙስ መግባት ያለበት 44,000 ብር። እስካሁን 14 ሐሙስ ስለጣልን መግባት የነበረበት 616,000 ነው። ተቆጥሮ የገባው 597,000። ከዚህ ውስጥ በጥሬው 214,000፣ በንግድ ባንክ 261,000፣ በቴሌብር 122,000። የጎደለው 19,000 ብር ነው፣ ከዚህ የሚበልጥም የሚያንስም ቁጥር ከሰማችሁ ልክ አይደለም።

የወጣውን ደሞ ልንገራችሁ። 13 እጣ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል፣ ከያንዳንዱ 500 ብር ለቡናና ለመጠባበቂያ እንደተስማማነው ተቀንሶ ለእጣው 43,500፣ ድምሩ 565,500። ከነዚህ አንዱ የሁለት ግማሾች እጣ ስለነበር ለሁለቱ 21,750 ሆኖ ተከፍሏቸዋል። ለቡና ለስኳርና ለደብተር የወጣው 2,650፣ ደረሰኝ ያለውን በደረሰኝ የሌለውን በሰናይት ፊርማ አስቀምጠናል። 14ኛው እጣ የወጣው ለዘይነብ ነው፣ እስካሁን የሰጠናት 25,000 ብቻ ነው። እኔ ጋ በተቀማጭ ያለው 3,850 ብር። ደምሩት፣ ይገጥማል።

ለዘይነብ ሳይከፈላት የቀረው 18,500 ነው። ገንዘቡን የፈለገችው ለሱቅ ኪራይ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ አከራይዋ የ6 ወር በአንዴ ነው የጠየቃት፣ አስራ አራቱንም ሐሙስ አንድም ቀን ሳታዛንፍ የጣለች ሰው ናት። እና ይሄን ነገር በደንብ አንብቡልኝ። ጉድለቱ የዘይነብ ሳምንት ላይ የተፈጠረ አይደለም። ከ9ኛው ሳምንት ከህዳር 18 ጀምሮ ነው ያለው፣ እስካሁን ግን በኮሚቴውም በአባሉም ስምምነት የዚህን ሳምንት ባለእጣ ጉድለት በሚቀጥለው ሳምንት ከሚገባው እየሞላን መጣን፣ የ9ኛውን በ10ኛው፣ የ10ኛውን በ11ኛው፣ እንደዛ እያለ። ቀዳዳው አልተደፈነም፣ እያደገ ከሰው ወደ ሰው ነው የተላለፈው፣ አሁን ዘይነብ ላይ አረፈ። እንደ እስከዛሬው ከሄድን ደሞ የሚቀጥለው ባለእጣ ላይ ያርፋል፣ ገና ያልወጣላችሁ 9 ሰዎች አላችሁ፣ የመጨረሻው ሐሙስ ላይ ግን የሚቀጥል ሳምንት የለም፣ ያኔ የሚሞላበት ገንዘብ ከየት ይመጣል? ለዛ ነው ዛሬ እዚህ ላይ መቆም አለበት የምለው።

19,000ው የማን የማን ነው ለሚለው፣ ስም አልጠራም፣ ደብተሩ ላይ ያለውን ተራ ቁጥር እጽፋለሁ፣ አባል የሆነ ሁሉ መጥቶ ማየት ይችላል።

ተራ ቁጥር 11፣ 12,000 ብር። 5ኛው ሳምንት ጥቅምት 20 ላይ ወጥቶለት በልቷል፣ ከ9ኛው ጀምሮ 6 ሐሙስ አልጣለም። ገንዘቡን እሸት ቡና ገዝቶበት አድርቆ አስረክቧል፣ የተረከበው ሰው ግን ሊከፍለው አልቻለም፣ ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሰዋል። ይሄ ሰው ጠፍቶ ወይ ስልክ ዘግቶ አያውቅም፣ ራሱ እኔ ጋ ድረስ መጥቶ ተቀምጦ አስረድቶኛል፣ ጅማ ውስጥ በቡና ወቅት እንዲህ አይነት ነገር ያልደረሰበት ነጋዴ ጥቂት ነው፣ ስለዚ ሌባ ምናምን እያላችሁ የምታወሩ እባካችሁ ተዉ። ግን ችግሩ እውነት ስለሆነ የዘይነብ ገንዘብ ይቅር ማለት አይደለም። ሲበላ ሁለት ዋስ ፈርመውለታል። ሰኞ 5,000 አመጣለሁ ብሏል፣ ካመጣ የቀረውን 7,000 ዋሶቹ 3,500 3,500 እስከ ሐሙስ ይሸፍናሉ፣ ካላመጣ 6,000 6,000 ይሆናል ማለት ነው። እሱ ደሞ ቀስ እያለ ለነሱ ይመልሳል፣ ይሄንንም ደብተር ላይ እናሰፍረዋለን። ሁለቱንም ዋሶች አናግሬያለሁ፣ አንዱ ተስማምቷል፣ አንደኛው ገና ላስብበት ብሏል፣ ወንድሜ ስታስብ የፈረምክበትን ቀን አስብ፣ ዋስ ማለት ይሄው ነው።

ተራ ቁጥር 19 ግማሽ እጣ ነው፣ የ3 ሳምንት 3,000። ባጃጁ ሞተር አስወርዶ ጋራዥ ቆማለች፣ ቤንዚኑም እንደምታውቁት ነው። እሱ ገና አልበላም፣ ስለዚ እቁቡን የሚጎዳበት መንገድ ትንሽ ነው፣ በደንባችን መሰረት እስኪያስተካክል ስሙ እጣ ውስጥ አይገባም። እስከ ሐሙስ ካልሞላለት ግን የዘይነብን ለመጨረስ 2,500 ብር ከመጠባበቂያው ላይ እናበድረው ነው የኔ ሀሳብ፣ 1,350 ይቀራል፣ ለጊዜው ቡናውን ያለ ስኳር እንጠጣ።

ተራ ቁጥር 6፣ 2,000። በቴሌብር ልካለች፣ ስክሪን ሾቱንም አይቻለሁ፣ ከሷ ስልክ ወጥቷል፣ ግን አንድ ቁጥር ተሳስቶ ሌላ ሰው ጋ ገብቷል፣ ሰውየው ስልክ አያነሳም። በጣም ያሳዝናል፣ ሆኖም እቁቡ ያልደረሰውን ገባ ብሎ መጻፍ አይችልም፣ ስለዚ 2,000ውን ድጋሚ ትጥላለች፣ ሰውየው ከመለሰ የሷ ነው። ወደፊት የምትልኩ ሁሉ ከመላካችሁ በፊት የሚመጣውን ስም አንብቡ፣ ከልጃችሁ ወይ ከባላችሁ አካውንት ስትልኩ ደሞ የማን እጣ እንደሆነ ጻፉልኝ፣ የማላውቀው ስም ሲገባ ማን ስር እንደምጽፈው እየደወልኩ ስጠይቅ ነው የማመሸው።

ተራ ቁጥር 15፣ የአንድ ሳምንት 2,000። እናቱ ሆስፒታል ገብተው ነው፣ ሄደን ጠይቀናቸዋል፣ አላህ ያሽራቸው። ሐሙስ ሁለቱንም አንድ ላይ እጥላለሁ ብሏል፣ እሱን ማንም እንዳይጨቀጭቀው።

እንግዲ ሐሙስ ታህሳስ 30 የገና ማግስት ነው፣ ገበያው ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ እኛ ሐሙስን የመረጥነው የገበያ ቀን ሆኖ እጅ ላይ ብር ስለማይጠፋ ነበር፣ ስለዚ ከበዓሉ በፊት የእቁቡን ለይታችሁ አስቀምጡ። ያን ቀን የሚጣለው 44,000 ለብቻው ተቆጥሮ ይቀመጣል፣ ለዘይነብ ጉድለት አይነካም። የዘይነብ 18,500 ከባለዕዳዎቹና ከዋሶቹ ነው የሚመጣው። እሷ ተከፍሏት ሳትፈርም 15ኛው እጣ አይወጣም፣ ጋሽ ተካም በዚህ ተስማምተዋል፣ የማይስማማ ካለ ከበስተጀርባ ሳይሆን እዛው ፊት ለፊት ይናገር፣ እንሰማለን።

ደብተሩ ከነገ ጀምሮ ሰናይት ሱቅ ነው ያለው፣ እስከ 12 ሰዓት ማታ መጥታችሁ ስማችሁ ስር ያለውን እዩ፣ የጣላችሁት ያልተጻፈ ካለ የባንኩን ደረሰኝ ወይ የቴሌብሩን መልእክት ይዛችሁ ኑ። በጥሬው የምትሰጡኝ ደሞ ብሩን ከፊታችሁ ሳልቆጥር ትታችሁኝ አትሂዱ። ሐሙስ 11 ሰዓት ላይ እንገናኝ፣ እንኳን ለገና በዓል አደረሳችሁ ለምታከብሩ።