ከፉጨቱ በፊት 20 ደቂቃ፦ የጤና ቡድናችን ማሟሟቂያ

ከመጪው እሁድ ጀምሮ ጨዋታችን እንደወትሮው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ማሟሟቂያው ግን 12፡35 ላይ ይጀምራል። ስለዚህ ሜዳ የምንደርሰው 12፡30 ነው። አምበሉ ይመራል፣ እሱ ከሌለ በረኛው። ይሄን ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ ያዙት፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እያነበብን እንሠራዋለን።

ለምን እንደመጣ ታውቃላችሁ። ዘንድሮ ከሜዳ ካጣናቸው ልጆች አብዛኞቹ የወጡት በታፋ ነው። ታሪኩም አንድ ዓይነት ነው። ኳስ ከኋላ ይላካል፣ ልጁ ይፈተለካል፣ ማንም ሳይነካው የኋላ ታፋውን ይዞ ያነክሳል። ሃምስትሪንግ የምንለው እሱን ነው፤ ከመቀመጫ አጥንት ተነስተው ጉልበትን አልፈው የሚያበቁ ሦስት ጡንቻዎች።

እነዚህ ጡንቻዎች በሶምሶማ አይጎዱም። በሙሉ ፍጥነት ስንሮጥ እግራችን ወደ ፊት ይወረወራል። መሬት ሊረግጥ ሲል ጡንቻው ተለጥጦ እያለ ያንን የተወረወረ እግር ፍሬን መያዝ አለበት። መለጠጡም መሳቡም በአንድ ቅጽበት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? አንድ ዙር ሶምሶማ፣ ጎንበስ ብሎ የእግር ጣት መንካት፣ ከዚያ በቀዘቀዘ እግር ጎሉ ላይ መለጋት። ስለዚህ እስከ 12፡55 ኳስ ከከረጢት አይወጣም። እንደምታጉረመርሙ አውቃለሁ።

ኳስ እንጀራቸው የሆነ ተጫዋቾች እንኳ አላመለጡም። በአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ውስጥ በ2001/02 የውድድር ዘመን ከጠቅላላው ጉዳት 12 በመቶው የሃምስትሪንግ ነበር። በ2021/22 ድርሻው 24 በመቶ ደርሷል። ጨዋታው በፈጠነ ቁጥር ታፋ ላይ የሚያርፈው ጫናም ጨምሯል። እኛ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠን እሁድ ጠዋት ተነስተን እንደ መስመር አጥቂ መብረር ነው የሚያምረን።

የመርሐ ግብሩ መሠረት «ፊፋ 11+» የሚባለው ማሟሟቂያ ነው። የፊፋ የሕክምና ምርምር ማዕከል በ2006 ያዘጋጀው ሲሆን 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፣ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እኔ ለእኛ እንዲሆን አሳጥሬ ታፋው ላይ አተኩሬበታለሁ። ስልጠናዬ ፊዚዮቴራፒ ስለሆነ ይሄን ያህል መብት አለኝ ብዬ ነው።

ማሞቅ፣ 5 ደቂቃ

ቱታ አይወልቅም። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጡንቻችሁ ገና ከብርድ ልብስ እንደወጣ ነው።

ሁለት ሁለት ሆነን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በሜዳው ወርድ እንሮጣለን። መጀመሪያ ሁለት ምልልስ ዝም ብሎ ሶምሶማ። ቀጥሎ አንድ ምልልስ ጉልበት ወደ ላይ አንስቶ ወደ ውጭ መክፈት፣ በየሦስት እርምጃው እግር እየቀያየሩ። ከዚያ ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ መዝጋት። አንድ ምልልስ በጎን፣ ወደ ታች ዝቅ ብሎ። የመጨረሻው ወደ ኋላ ነው፤ ወደ ኋላ ስትሮጡ በትከሻችሁ እያያችሁ፣ ባለፈው እንደሆነው ሁለት ሰው እንዳይጋጭ።

ልኩ ይሄ ነው፦ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር እያወራችሁ መሮጥ መቻል አለባችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ሲያልቅ ግንባር ላይ ትንሽ ላብ መታየት አለበት።

ማፍታታት፣ 4 ደቂቃ

የጓደኛችሁን ትከሻ ይዛችሁ አንድ እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ፣ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ይሂድ። ወገብ አይጎብጥም። ቀጥሎ ረጅም እርምጃ እየተራመዱ የኋላውን ጉልበት መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ማለት፣ በእያንዳንዱ እግር 8። በመጨረሻ እየተራመዱ ጉልበትን በሁለት እጅ አቅፎ ወደ ደረት መሳብ፣ እንደዚሁ 8።

ጎንበስ ብሎ ጣት ነክቶ 30 እና 60 መቁጠር እዚህ የለም። መሳሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ማታ ቤት ውስጥ ሥሩት። ከጨዋታ በፊት ግን ረጅም ሰዓት ተስቦ የቆየ ጡንቻ ለጊዜው ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ከሃምስትሪንግ ጉዳት ያድናል የሚያስብል በቂ ማስረጃም የለም።

ጉልበት መቀስቀስ፣ 4 ደቂቃ

በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበት አጥፉ። ተረከዝ ከመቀመጫችሁ ራቅ ይበል፤ ቅርብ ከሆነ ሥራውን የሚሠራው መቀመጫ ነው፣ ራቅ ሲል ታፋ ይገባበታል። ተረከዝን መሬት ላይ ተጭናችሁ ወገብ አንሱ፣ ሁለት ቆጥራችሁ አውርዱ። በሁለት እግር 10፣ ከዚያ በአንድ እግር 6፣ 6። በአንድ እግር ሲሆን ወገብ ወደ አንድ ጎን እንዳይዘነበል።

ከዚያ ተነሱ። በአንድ እግር ቆማችሁ፣ ጉልበት በትንሹ አጥፋችሁ፣ ጀርባ ቀጥ እንዳለ ከዳሌ ወደ ፊት አዘንብሉ፤ ሌላው እግር ወደ ኋላ ይዘረጋል። የኋላ ታፋ መወጠሩ ሲሰማችሁ ተመለሱ። በእያንዳንዱ እግር 6። የሚወድቅ ይኖራል፣ ሳቁና ቀጥሉ።

ፍጥነት፣ 7 ደቂቃ

የዚህ ሁሉ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ነው። ጊዜ ካጠረ ከሌላው ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ። ጡንቻው በጨዋታው የመጀመሪያ ሙሉ ሩጫ ላይ የሚደነግጠው፣ ከሶምሶማ በቀጥታ ወደ እዚያ ስለተወረወረ ነው። መሃል ያለውን ደረጃ አልፎ መምጣት አለበት።

30 ሜትር በሁለት ቦርሳ ምልክት እናደርጋለን። መጀመሪያ ጉልበት ወደ ላይ እያነሱ በመዝለል አንድ ጊዜ ሄዶ መምጣት። ከዚያ ሩጫ፦ ሁለት ጊዜ በ60 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ በ75፣ ሁለት ጊዜ በ85፣ አንድ ጊዜ በ95። 60 በመቶ ማለት የመጨረሻዋ ወንበር እንዳታመልጠው ወደ ታክሲ የሚሮጥ ሰው ፍጥነት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ሲመለሱ በእግር ነው፣ ሩጫ የለም። ያ እረፍታችሁ ነው።

ፍጥነት ቀስ ተብሎ ይገባል፣ ቀስ ተብሎ ይወጣል። ቦርሳው ጋ ስትደርሱ ድርቅ ብላችሁ አትቁሙ፣ ሌላ 10 ሜትር ይፍሰስ። በመጨረሻ ሁለት ሩጫ እየሮጡ አቅጣጫ መቀየር፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። ቱታ አሁን ይወልቃል። ኳስም ይወጣል። ቀሪው 5 ደቂቃ ክብ ሠርቶ ለመቀባበል ነው፣ መለጋት ያማረው አሁን ይለጋ።

በ75 ወይም በ85 ሩጫ ላይ የኋላ ታፋው የያዘው፣ የተወጠረበት ወይም «ትንሽ ነገር» የተሰማው ሰው ለአምበሉ ይናገር፣ የዚያን ቀንም አይጫወት። ሰው ጎደለ ብሎ ነገር የለም። ዘጠኝ ለዘጠኝ መጫወት ይቻላል።

ሐሙስ ማታ፦ ኖርዲክ

እሁድ የሚሠራው ጡንቻውን ያነቃዋል። የሚያጠነክረው ግን ሐሙስ ከልምምድ በኋላ የምንሠራው ነው። ጉልበታችሁን ፎጣ ላይ አድርጋችሁ ትንበረከካላችሁ። ጓደኛ ከኋላ ተቀምጦ ሁለቱን ቁርጭምጭሚት ክብደቱን ጥሎ ይይዛል። ከጉልበት እስከ ጭንቅላት እንደ አንድ እንጨት ቀጥ ብላችሁ ወደ ፊት ትወርዳላችሁ። በተቻለ መጠን በዝግታ። ዳሌ ወደ ኋላ ከቀረ ማጭበርበር ነው፣ የያዛችሁ ሰው ይንገራችሁ። የሆነ ቦታ ላይ ታፋው አልችልም ይላል፤ ያኔ በእጅ መሬት ተቀበሉ፣ ገፋ አድርጋችሁ ተመለሱ። ወደ ላይ ሲመለሱ ታፋ መልፋት የለበትም፣ ሥራው ሲወርዱ ነው።

መጀመሪያ ሁላችንም ገና ሳንጋመስ ነው የምንወድቀው፣ እኔም ጭምር። ችግር የለውም። የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት 2 ዙር በ4፣ ቀጣይ ሁለት ሳምንት 2 ዙር በ6፣ ከዚያ 3 ዙር በ6። ቤት ውስጥ ደግሞ ማክሰኞ አንድ ጊዜ፣ እግርን ከባድ ሶፋ ሥር አስገብቶ። ሶፋው እንደማይነሳ አረጋግጡ።

ዓርብና ቅዳሜ ታፋችሁ ይታመማል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመም የተለመደ ነው፣ እየቆየ ይጠፋል። ለዚህ ነው እሁድ ጠዋት ከጨዋታ በፊት የማንጀምረው።

ይሄን ያህል የምወተውተው በምክንያት ነው። በዴንማርክ በ50 ቡድኖች 942 ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2011 ታትሟል። ግማሾቹ 10 ሳምንት ኖርዲክ ሠሩ፣ ግማሾቹ የወትሮውን ልምምድ ቀጠሉ። ኖርዲክ ከሠሩት መካከል የተመዘገበው የሃምስትሪንግ ጉዳት 15 ነው፣ ካልሠሩት ዘንድ 52። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩም ጉዳቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። በነፃ የሚገኝ፣ ፎጣና ጓደኛ ብቻ የሚፈልግ ነገር ነው።

ዘግይቶ የመጣ፣ ተቀያሪ፣ ጋሼዎች

12፡45 ላይ የደረሰ ሰው ከተሰለፉት ጋር አይቀላቀልም። በመስመሩ ዳር ብቻውን ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ጨርሶ ነው የሚገባው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቡና አይጠጣም። ከመግባቱ 5 ደቂቃ በፊት ተነስቶ ሶምሶማ፣ እግር ማወዛወዝ፣ ከዚያ ሦስት ሩጫ በ60፣ በ75፣ በ90 ይሮጣል። በእረፍት ሰዓትም ያው ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር 2 ደቂቃ ሲቀረው ሁላችንም ሁለት ሩጫ እንሮጣለን። የታፋ ጉዳት ወደ አጋማሾቹ መጨረሻ ይበዛል፣ ድካም ስለሚገባ። የደከመው ይቀየር።

ጋሼዎች፣ ይሄ ለወጣቶች ነው አትበሉ። ዕድሜና ከዚህ በፊት የደረሰ ጉዳት ዋናዎቹ አጋላጮች ናቸው። ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ኖርዲኩን በግማሽ ውረዱ፣ ግን አንዱንም አትዝለሉ።

ሰው ከተጎዳ

ወዲያው ይውጣ። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በፋሻ ጠበቅ አድርጎ ማሰር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንም እንዳያሸው፣ ጎበዝ ወጌሻም ቢሆን፤ የተበጠሰ ጡንቻ ሲታሽ መድማቱ ይብሳል። «ቀጭ» የሚል ድምፅ የሰማ፣ ታፋው የጠቆረበት ወይም መራመድ ያቃተው ሐኪም ቤት ይሂድ። የሚመለሰውም ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ሐሙስ ልምምድ ላይ ያለ ፍርሃት በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ካሳየን በኋላ ነው።

ሐሙስ ወፈር ያለ ፎጣ ይዛችሁ ኑ፤ የልምምድ ሜዳው ሰው ሠራሽ ሳር ጉልበት ይልጣል።