ስለ ትምህርት ቤታችን ለማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከቨርጂኒያና ከባልቲሞር ድረስ መንገድ አቋርጣችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

አገር ቤት፣ በጉራጌ ጉመር ወረዳ ያለውን ትምህርት ቤታችንን የሚደግፈውን ኮሚቴ ወክዬ እንድናገር ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ከጓዳ ክትፎና አይብ እየተሰናዳ መሆኑን አፍንጫዬ ስለነገረኝ ከተሰጠኝ ሰዓት ላይ ለማትረፍ እሞክራለሁ።

ጥያቄያችንን በቅድሚያ ልናገርና ምክንያቱን ከኋላ ላምጣው። ዛሬ የምንለምናችሁ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ገንዘብ አይደለም። ከየቤቱ በወር 25 ዶላር፣ ለሦስት ዓመት፣ ሳይቋረጥ እንዲዋጣ ነው የምንጠይቀው። በማኅበራችን ከተመዘገቡት 94 ቤተሰቦች 60ዎቹ ከተስማሙ በዓመት 18,000 ዶላር ይሆናል። አዳራሽ የሚያስጨበጭብ ቁጥር እንዳልሆነ ይገባኛል። ባለፉት ዓመታት በዚሁ አዳራሽ አንድ ሰው ተነሥቶ ሁለት ሺሕ ሲል ሌላው ሦስት ሺሕ እያለ፣ እልልታው ጣራ ሲነካ አይተናል። ቃል ከተገባው ውስጥ ስንቱ ባንክ እንደ ደረሰ ግን የሒሳብ ሹማችን ያውቃሉ፤ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠው ፈገግ እያሉ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ያሠራናቸው አራት የብሎኬት ክፍሎች ዛሬም ጸንተው ቆመዋል። የጉመርን ውርጭ የምታውቁ፣ በዚያ ብርድ ጭቃ ወለል ላይ እግርን አጥፎ መማር ምን ማለት እንደሆነ አይነገራችሁም። ያ ቀርቷል፤ ያስቀረው የእናንተ እጅ ነው። ዘንድሮ ለመስቀል አገር ቤት የገቡ ሦስት የኮሚቴ አባሎቻችን ግን ሁለት ቀን ሙሉ ግቢው ውስጥ ውለው ሌላ ነገር ይዘው ተመለሱ። ከጣራው ውኃ የሚቀበለው አሸንዳ ተገንጥሎ ወድቋል። ሮቶው ባዶ ነው። ቤተ መጻሕፍት ተብሎ የተሠራው ክፍል መደርደሪያ አለው፣ ቁልፍ አለው፣ የሚነበብ መጽሐፍ ግን ጥቂት ነው። በሰባተኛ ክፍል አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለአራት ልጅ ነው። መጽሐፉ በዕጣ ወደ ቤት ይሄዳል፤ ሰኞ የደረሰው ልጅ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ ሐሙስ የሚደርሰው ሐሙስን ይጠብቃል።

ይህ የማንም ስንፍና አይደለም። እኛ ሕንፃ ስንሠራ ለአሸንዳ መጠገኛ፣ ለመጽሐፍ፣ ለሳሙና የሚሆን ገንዘብ በማንም በጀት ላይ አልተጻፈም። ወረዳው የመምህራን ደመወዝ ይከፍላል፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚልከው ጠመኔና ወረቀት ገዝቶ ያልቃል። ገበሬው ከገብሱና ከድንቹ ሸጦ ያዋጣል፤ ለጥበቃው የሚከፈለው ዛሬም ከወላጆች ኪስ ነው። ጎደለ የምንለው ይህ በየወሩ የሚያስፈልግ፣ ፎቶግራፍ የማይነሣ ወጪ ነው።

የዚህ ጉድለት ውጤት የሚታየው ሩቅ ቦታ ላይ ነው። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። ኩረጃ ሲቀር እውነቱ ወጣ እያልን እዚህ ቡና ላይ ብዙ ተከራክረናል። እኔ ከዚያ ክርክር የያዝሁት አንድ ነገር ነው፤ 12ኛ ክፍል የወደቀው ልጅ የወደቀው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። አራተኛ ክፍል ሳለ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ያቃተውን ልጅ በወረዳው ከተማ በአረቅጥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያገኙት መምህር ምን ሊያደርጉት ይችላሉ? የእኛ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ነው። እጃችን የሚደርሰው መሠረቱ ላይ ነው ማለት ነው፤ ይህንንም እንደ ዕድል እቆጥረዋለሁ።

እንግዲህ ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል? ከ18,000ው 5,500 ዶላር ለመጽሐፍ ነው፤ ክልሉ ያዘጋጃቸው መማሪያ መጻሕፍት በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ተባዝተው ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉት በቅድሚያ ይታደላሉ፤ ለታናናሾቹም ተረትና የንባብ መጻሕፍት ይገዛሉ። 4,500 ዶላር ቅዳሜ ጧትና በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ የማጠናከሪያ ትምህርት ለሚሰጡ 14 መምህራን አበል ነው፤ ትምህርት ባለባቸው ዐሥር ወራት በወር ለአንድ መምህር 4,500 ብር ገደማ ይደርሳል። አንዳንዶቻችሁ ደመወዝተኛ ለሆነ ሰው አበል ለምን ትሉ ይሆናል። መምህሩ ቅዳሜ የሚያስተምረው የግል ቤት ኪራዩን የሚሞላበትን ሥራ ትቶ ነው። በነፃ አስተምር ማለት ይቻላል፤ ሁለት ወር ይመጣል፣ ከዚያ ይቀራል፣ እኛም ልንወቅሰው አንችልም። ለጥገና፣ ለጥበቃና ለንጽሕና 3,500 ዶላር መድበናል።

ቀጥዬ የምናገረውን አንዳንድ አባቶች በአደባባይ መስማት እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ በትዕግሥት አድምጡኝ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴት ልጆቻችን በየወሩ ሦስት አራት ቀን ከትምህርት ይቀራሉ። መጸዳጃ ቤቱ መዝጊያ የለውም፣ ውኃ የለም፣ የንጽሕና መጠበቂያ የሚገዛላቸው የለም። በዓመት ሲደመር ከአንድ ወር የትምህርት ቀን በላይ ነው። ከዚያ ፈተና ስትወድቅ «ሴት ልጅ ትምህርት አይሆንላትም» ይባልና ለባል ትታጫለች። በዚህ አዳራሽ ነርስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የሱቅ ባለቤት የሆናችሁ እህቶቼ ያንን መንገድ በምን እንዳለፋችሁት ራሳችሁ ታውቃላችሁ። በየዓመቱ 2,000 ዶላር ለዚህ ይውላል፤ መጠበቂያው በእናቶች ኮሚቴ በኩል ይታደላል እንጂ ልጆቹ ወንድ መምህር ፊት ቆመው አይጠይቁም። ከዕቅዳችን ውስጥ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

የቀረው 2,500 ዶላር ለሶላርና ለጥቂት ኮምፒውተሮች ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ልጆቻችን ማውዝ ይዘው የማያውቁ ሆነው እዚያ እንዳይደርሱ ነው። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እንገዛለን።

ለመምህራን መኖሪያ ባለ አራት ክፍል ቤት፣ ለአሸንዳውና ለመጸዳጃ ቤቱ ግንባታ ከእናንተ አዲስ ገንዘብ አንጠይቅም። በማኅበሩ ሒሳብ ያለው 11,300 ዶላር ለዚያ ይሆናል። መምህር አረቅጥ ተከራይቶ በየጧቱ በጭቃ እየተመላለሰ ሲቸገር በዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፤ ሄደ ስንል ሌላ አዲስ ይመጣል፣ ልጆቹም በየዓመቱ ከአዲስ ሰው ጋር ይተዋወቃሉ። ቤቱ ሲሠራ መሬቱንና የጉልበት ሥራውን ቀበሌው ይችላል፤ ሽማግሌዎቹ በቃለ ጉባኤ ፈርመውበታል።

አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ደርሶኛል፤ ልመልሰው። «ዶላሩ ጨምሯል፣ ስለዚህ መዋጮው ለምን አይቀንስም?» እውነት ነው፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዛሬ ከ140 ብር በላይ ነው። 18,000 ዶላራችን ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ብር በላይ ይሆናል ማለት ነው። ግን ሲሚንቶውም፣ ቆርቆሮውም፣ የማተሚያ ወረቀቱም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ያዘጋጀነው ዋጋ ሁሉ በመስከረም ወር ከወልቂጤ በተሰበሰበ ፕሮፎርማ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሌላው ጥያቄ ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል የሚለው ነው፤ ይህን የጠየቀ ሰው ምቀኛ አይደለም፣ ጠንቃቃ ነው። ገንዘቡ በግለሰብ ሻንጣም ሆነ በግለሰብ ሒሳብ አይሄድም። በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይገባል፤ የሚወጣው በርእሰ መምህሩ፣ በወላጅና መምህራን ኅብረት ሰብሳቢና ከአገር ሽማግሌዎች በተመረጡ አንድ ሰው ሦስት ፊርማ ነው። ግዢ በሦስት ፕሮፎርማ ይፈጸማል። የምንልከውም በሦስት ወር አንዴ ነው፤ ያለፈው ሩብ ዓመት ደረሰኝ ካልመጣ የሚቀጥለው አይላክም። ይህ ደንብ አገር ቤት ተነቧል፤ ሰብሳቢው «እኛም ከናንተ በፊት እንዲህ እንዲሆን ፈልገን ነበር» ብለው ነው የፈረሙት።

ይህ ሥራ የመንግሥት ነው የሚሉም አሉ። የመንግሥት ድርሻ አለበት፤ ደመወዙንና የሥርዓተ ትምህርቱን ኃላፊነት እኛ አንነካም። ግን ከጉራጌ የወጣ ሰው ይህን ክርክር ብዙ ሊያስረዝመው አይገባም ባይ ነኝ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩት አባቶቻችን፣ ከሊስትሮው እስከ መርካቶ ነጋዴው ድረስ፣ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ያስቆረጡት መንግሥት ስላልነበረ አይደለም። እነርሱ የነበራቸው ገቢ ከእኛ ጋር አይወዳደርም። እኛ ለዕድራችን በየወሩ ሳንጠየቅ እንከፍላለን፤ አንድ ሰው አንድ ወር ቢያሳልፍ ስልክ ተደውሎ ይጠየቃል። ለትምህርት ቤቱም እንዲሁ ስልክ የሚደውል ሰው መድበናል፤ ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ወይዘሮዋ በቀላሉ የሚተዉ አይደሉም።

25 ዶላር የሚከብደው ቤት ካለ፣ ሥራ ያጣ፣ አዲስ የመጣ፣ ተማሪ የሆነ፣ በ10 ዶላር ይመዝገብ፤ መጠኑን ከእኔና ከሒሳብ ሹማችን ሌላ የሚያውቀው የለም። የሚቻለው ደግሞ ሁለት ድርሻ ይያዝ። ማኅበራችን በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የተመዘገበ ስለሆነ የዓመቱ ደረሰኝ በጥር ወር ይደርሳችኋል፤ ግብር ስታስገቡ ትጠቀሙበታላችሁ። ዛሬ በእጅ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም፤ ከባንካችሁ በየወሩ በራሱ እንዲተላለፍ የሚያደርገውን ቅጽ ነው የምንፈልገው።

ቅጾቹ ከመግቢያው በስተቀኝ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሁለት ወጣቶች ስልካችሁ ላይ ሊያስተካክሉላችሁ ተቀምጠዋል፤ አንድ ሰው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ፤ ከዚያ ሰብሳቢያችን የሦስት ዓመቱን ዕቅድ ለድምፅ ያቀርቡታል። ስላደመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።