እኔው ላንሳው

እማማ ዘሃራ ስልክ ይገዛልኝ ያሉት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰዓዳ ከጅዳ ስትደውል ራሳቸው እንዲያነሱት። እስካሁን ልጃቸውን የሚያገኟት በሰው ስልክ ነበር። ድምፁ ይለቀቃል፣ ቤት ሙሉ ሰው ጆሮውን ያቆማል፣ ጎረቤቱም በየመሀሉ ሰላምታ ይጨምራል። ሰዓዳም "ደህና ነኝ፣ አብሽሪ" ብላ ትዘጋለች። ደህና አለመሆኗን ግን እናት ከድምፅዋ ታውቃለች።

ሙባረክ ስልኩን ሊያስለምዳቸው ሸዋበር ሰፈር ባለው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከራሱ ስልክ ደወለላቸው። አዲሱ ስልክ ጭናቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ።

"አረንጓዴዋን ወደ ላይ ሳቢያት፣ እምዬ።"

ነኳት። ዝም። ጠበቅ አድርገው ተጫኗት። ጥሪው አልቆ ተዘጋ።

"እኔን እምቢ አለኝ ይሄ!"

"እንደ ድሮው ስልክ አይጫኑትም። ነክተሽ፣ ሳትለቂ፣ ወደ ላይ።"

ደግሞ ደወለ። ደግሞ እምቢ አለ። ሙባረክ ተነስቶ ጣታቸውን ያዘና አገላብጦ አየው። ምጣድና እንዝርት የጠቋሚ ጣታቸውን ጫፍ አድርቀው ሰነጣጥቀውታል፤ መስታወቱ እንዲህ የደረቀ ቆዳ ቶሎ አይለይም።

"ትንሽ አርጥቢው እስኪ።"

ጥጥ ሊፈትሉ ሲቀመጡ እንደሚያደርጉት ጣታቸውን በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጉ።

"አሁን ከባዘቶው ላይ ፈትል እንደምትስቢው ሳቢው። ቀስ ብለሽ፣ እንዳይበጠስ።"

አረንጓዴዋ ከጣታቸው ጋር ወደ ላይ ወጣች። የሙባረክ "ሀሎ" ከደጃፉም ከስልኩም እኩል ተሰማ። ጆሯቸው ላይ ሲለጥፉት ግን መስታወቱ ጨለመና ደንግጠው መለሱት።

"ጠፋብኝ!"

"አልጠፋም። ጉንጭሽ ነክቶ እንዳይዘጋው ብሎ ነው የሚጨልም። አንቺ ዝም ብለሽ አውሪ።"

ከዚያ ወዲያ እስኪመሽ ድረስ አላስቀመጡትም። ሙባረክ ሱቅ ሲላክ ከሱቅ ይደውላል፣ ውሃ ሲቀዳ ከቦኖው ይደውላል፤ እሳቸውም ባነሱ ቁጥር "አነሳሁት!" ይላሉ እንጂ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ጁምዓ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የሰዓዳ ፎቶ መስታወቱን ሞላው። ሙባረክ እጁን ሲዘረጋ እማማ ዘሃራ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

"ተው። እኔው።"

ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ጓዳ ገቡ፣ በሩን ገፋ አደረጉት። ጣታቸውን አረጠቡና ሳቡ።

"እማ? ማነው ያነሳልሽ?"

"እኔው ነኝ።"

"ሙባረክ የለም እንዴ? እነ እትዬስ?"

"ሁሉም ቡና ላይ ናቸው። ጆሮዬ ላይ ነው ያለሽው፣ ከኔ በቀር የሚሰማሽ የለም። በይ ሰዓዳዬ፣ አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ደሞዝሽን ከለከሉሽ?"

ሰዓዳ ትንሽ ቆየች።

"ሦስት ወር ሆነው፣ እማ" አለችና ከመጀመሪያው ትነግራቸው ጀመር።