ድም ድም ድድም፦ የቀዮቹ የፍፃሜ ቀን ጭፈራ

ለደጋፊዎች በሙሉ። ግጥሙን ዛሬ ማታ ሸምድዱት፤ ነገ ወረቀት እያየ የሚጨፍር ሰው እግሩን ይረሳል። «ድም» ማለት እግር፣ «ጨብ» ማለት እጅ ነው። መሠረቱ ይህ ብቻ ነው፦

ድም — ድም — ድድም — ጨብ!

ረቡዕ ስንለማመድ ሦስተኛው ግጥም ላይ ስንደርስ ፈጥነን ነበር፤ ከሜዳው ማዶ የቆሙት ልጆቻችን ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ 100 ሜትር ከተራራቅን ከበሮው የሚደርሳቸው ሩብ ሰከንድ አልፎ ነው። ስለዚህ ጆሯችሁን አትመኑ። ከበሮ መቺው አጠገብ ቀይ ባንዲራ የሚያወርድ ልጅ አለ፤ ባንዲራው ሲወርድ እግራችሁም ይውረድ። የላይኛው ረድፍ ጣውላ ስለሆነ እዚያ ያላችሁ በተረከዝ ምቱ እንጂ አትዝለሉ።

ቡድኖቹ ከመግባታቸው በፊት

አውጪ፦ እግር የት አለ?
ተቀባይ፦ እዚህ አለ! (ድም ድም)
አውጪ፦ እጅስ የት አለ?
ተቀባይ፦ እዚህ አለ! (ጨብ ጨብ)
አውጪ፦ ድምፅስ የት አለ?
ተቀባይ፦ ሰማይ ላይ አለ! (ድም ድም ድድም ጨብ!)

አውጪ፦ ቀይ ለብሰን መጣን
ተቀባይ፦ ድም ድም!
አውጪ፦ በጠዋት ወጣን
ተቀባይ፦ ድም ድም!
አውጪ፦ ደረጃው ሞላ
ተቀባይ፦ ድም ድም!
አውጪ፦ ቦታ የለም ሌላ
ተቀባይ፦ ድድም ጨብ!

ለሰማያዊዎቹ ሰላምታ

ይህን ስንል ሁላችንም ወደ እነሱ እንዞራለን፤ እጅ እናወዛውዛለን። ፊታችሁ ካልሳቀ ግጥሙ ሌላ ትርጉም ያመጣል።

ሰማያዊዎች፣ እንዴት አደራችሁ? (ድም ድም)
እኛ አልተኛንም፣ እናንተስ ተኛችሁ? (ድም ድም)
ሌሊቱን በሙሉ ኳስ ስናባርር (ድም ድም)
ከአልጋ ወረድን ስንደናበር (ድድም ጨብ!)

ማልያችሁ ሰማይ፣ ቀለሙ የጠራ
የኛ ቀይ ፀሐይ ነው፣ በሰማዩ ሊያበራ
ሰማይ ባይኖር ኖሮ፣ ፀሐይ የት ትወጣ?
እናንተ ባትመጡ፣ ፍፃሜው ከየት መጣ?
(ድም ድም ድድም ጨብ! ሁለት ጊዜ)

ፊሽካው ሲነፋ

ፊሽካ ተነፋ (ድም)
ኳስ ተገፋ (ድም)
ሜዳው ተስፋፋ (ድም)
እንቅልፍ ጠፋ! (ድድም ጨብ!)

ለ2 ስጠው፣ ለ5 ስጠው
ለ8 ድገም፣ በደንብ አስጨብጠው
7 በመስመር ነው፣ ላክና አስሩጠው!
(ድም ድም ድድም ጨብ!)

ኳስ ስናደራጅ

ከሹክሹክታ ተነስተን ነው የምንወጣው። መጀመሪያ ጣት ብቻ፣ ቀጥሎ ተረከዝ፣ ከዚያ ሙሉ እግር። ኳሷን ከተነጠቅን ወዲያው አቁሙና ከመጀመሪያው ጀምሩ። ስንት ጊዜ እንደምንጀምረው እግዜር ይወቀው።

አንድ፣ ሁለት፣ አቀብል
አንድ፣ ሁለት፣ ተቀበል
መሬት መሬቱን ትንከባለል
ከመረብ ገብታ፣ ጎል! እስክንል

አንድ፣ ሁለት፣ ዙርና
በግራ ሞክር እንደገና
አብዶ አትብዛ፣ ጓደኛህ አለና
አየህ፣ እጁን አንስቷል፣ ስጠውና!

ኮርና ስናገኝ

ኮርና! ኮርና! (ድድም)
ራስ ይዘጋጅ፣ ኳስ መጣችና (ድድም)
4 ይነሳ፣ ቁመቱ ረዥም ነውና (ድድም)
በቴስታ ያውርዳት ከደመና! (ድድም)

መቺው እጁን ሲያነሳ ፀጥ። ሙሉ በሙሉ ፀጥ። እግሩ ኳሷን ሲነካ አንድ ትልቅ «ድም!» ብቻ።

ለበረኞቹ

7 ሜትር ከ32፣ ከቋሚ እስከ ቋሚ ናት
አንድ ሰው ብቻውን እንዴት ሸፈናት?
ኳሷ እጁ ላይ ናት፣ እንግዳ አዳሪ
መረብ አትገባም፣ ዛሬ እዚሁ ቀሪ!
(ድም ድም ድድም ጨብ!)

የእነሱ በረኛ ጥሩ ኳስ ካዳነ ደግሞ ይቺን እንላለን። በግማሽ ፍፃሜው ያዳናቸውን አይተናል፤ ዝም ብንል ይታዘበናል።

የናንተም በረኛ ነብር ነው፣ ነብር
ለሱም ይጨብጨብ፣ ይገባዋል ክብር (ጨብ ጨብ ጨብ)
አንዴ ብቻ ግን፣ አንዴ ብቻ ቢሆን
ዓይኑን ቢጨፍንልን፣ ምን ነበረ ምን!

ስንስት

የሳተውን ልጅ ስሙን እየጠራችሁ «ኧረ!» አትበሉ። እሱ ከእናንተ በላይ ተናዷል።

ወጣች ወጣች፣ ምን እናድርጋት?
ቋሚው ሳማትና መንገድ አሳታት
ትመለሳለች፣ በሩን ክፈቱላት!
(ድም ድም ድድም ጨብ!)

ጎል!

መጀመሪያ የፈለጋችሁትን ጩኹ። ሰው ጎል ገብቶ ግጥም አያስታውስም፤ ከበሮው እስኪጠራችሁ ድረስ ነፃ ናችሁ። ከዚያ፦

አውጪ፦ ገባች ወይ?
ተቀባይ፦ ገባች! (ድድም)
አውጪ፦ አንኳኩታ ወይ?
ተቀባይ፦ ሳታንኳኳ ገባች! (ድድም)
አውጪ፦ ጠይቃ ወይ?
ተቀባይ፦ ማንን ጠይቃ! (ድድም)
መረብ ውስጥ ተኛች፣ ማንም አያነቃ! (ድም ድም ድድም ጨብ!)

አውጪ፦ ማን መታት?
ተቀባይ፦ 9!
አውጪ፦ ማን ሰጠው?
ተቀባይ፦ 10!
አውጪ፦ ማን ጨፈረ?
ተቀባይ፦ ሁላችን! ሁላችን!

(ያገባው ሌላ ከሆነ አውጪው በጣቱ ቁጥሩን ያሳያል። ተከላካዩ 5 ካገባ እኔ ራሴ ከደረጃው ወርጄ ሜዳውን እዞራለሁ፤ ምስክር ሁኑ።)

ይቅርታ ሰማያዊ፣ በክፋት አይደለም
ኳስ ዞራ ትመጣለች፣ ክብ ናት እንደ ዓለም!

ሲያገቡብን

ብዙ የተጨቃጨቅነው በዚህኛው ላይ ነው። ግማሻችሁ ዝም እንበል ብላችሁ ነበር። ዝም ካልን ግን ዝምታው የሚከብደው ሜዳ ውስጥ ባሉት በራሳችን ልጆች ላይ ነው። ስለዚህ አስር እስክንቆጥር እንተነፍሳለን፣ ከዚያ እንጀምራለን።

አየነው አየነው፣ ጎሉስ ጥሩ ነው
ቢከፋንም እንኳ፣ እውነት እውነት ነው
አንዴ አጨበጨብን (ጨብ!)፣ አንዴ ይበቃል
ከዚህ በላይ ከሆነ እጃችን ይቀላል!

ቀዮች ቀና በሉ፣ አንገት ቀና (ድም ድም)
ሰዓቱ ብዙ ነው፣ ገና ነን ገና! (ድም ድም)
ኳሷን ከመረብ አውጧት ቶሎና (ድም ድም)
መሃል አስቀምጡ፣ እንደገና! (ድድም ጨብ!)

ሰው ሲጎዳ

የየትኛውም ቡድን ተጫዋች ይሁን፣ ከበሮው ይቆማል። ቁጭ በሉ። ሲነሳ በጣት ብቻ፣ በቀስታ፦

ተነስ ወንድም፣ ሳሩ አይውሰድህ
ቀዩም ሰማያዊውም ቆሞ ጠበቀህ
ቀስ እያልክ ርገጥ፣ ማንም አይቸኩልህ (ጨብ… ጨብ… ጨብ…)

ዳኛው ላይ ቅር ሲለን

ከዚህ ውጭ ሌላ ነገር ከአፋችሁ እንዳይወጣ። መስመር ዳኛው ከእኛ በአራት እርምጃ ርቀት ነው የሚቆመው፤ ሁሉንም ይሰማል።

እሱ ቅርብ ሆኖ አይቷል፣ እኛ ሩቅ ነው ያለነው
ኦፍሳይድ ነው ካለ… (ሁላችንም ረጅም ትንፋሽ)… እሺ፣ ነው!

በዕረፍት ሰዓት

ይህን ከሰማያዊዎቹ አውጪ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል፤ መልሱን ያውቁታል። መልሳቸውን ራሷ ናት የጻፈችው፤ እውነቱን ለመናገር ከእኛ ጥያቄ ይበልጣል።

እኛ፦ ማዶ ያላችሁ፣ ድምፅ አላችሁ ወይ?
እነሱ፦ መስኮት ተሰነጠቀ፣ አልሰማችሁም ወይ?
እኛ፦ እግርስ አላችሁ ወይ? (ድም ድም)
እነሱ፦ ከናንተ አንድ ይበልጣል፣ እንቁጠረው ወይ? (ድም ድም ድም)
እኛ፦ ጉሮሯችሁ ደርቋል፣ ውሃ እንላክ ወይ?
እነሱ፦ ላኩልን፣ ግን ጎሉን አትጨምሩም ወይ?
ሁላችንም፦ ድም — ድም — ድድም — ጨብ!

ውሃው እውነተኛ ነው። ሁለት ሳጥን ይዘን እንሄዳለን፤ አንዱ ለእነሱ ነው። ተሸካሚ የሚሆኑ አራት ልጆች ስማቸውን ያስመዝግቡ።

የመጨረሻዎቹ አስር ደቂቃዎች

ምቱ በእጥፍ ይፈጥናል። እዚህ ላይ ድምፃችሁ ያልተሰነጠቀ ሰዎች ቀደም ብላችሁ አልጨፈራችሁም ማለት ነው።

አውጪ፦ ደከመህ ወይ?
ተቀባይ፦ አልደከመኝም! (ድም)
አውጪ፦ እግርህን አመመህ ወይ?
ተቀባይ፦ አላመመኝም! (ድም)
አውጪ፦ ውሸትህን ነው ወይ?
ተቀባይ፦ ትንሽ… አዎ! ግን አልቀመጥም! (ድም ድም ድድም ጨብ!)

ሩጥ ሩጥ፣ ደቂቃ አለ
ሩጥ ሩጥ፣ ልብ አለ
ሩጥ ሩጥ፣ ደጋፊህ አለ
ተቀያሪው እንኳ ወንበሩን ጣለ!

ፍፁም ቅጣት ምት ከደረስን

11 ሜትር መንገድ፣ ለእግር ቅርብ ናት
ለልብ ግን ሩቅ ናት፣ ማን ለክቶ ጨረሳት? (ድም… ድም…)
ተንፍስ ጓደኛዬ፣ ኳሷን አመቻቻት
እኛ ካንተ ጋር ነን፣ ብትገባም ብትስታት! (ድም… ድም…)

እነሱ ሲመቱ ማንም እግሩን አያነሳም፤ ፉጨትም የለም። እነሱም እንደዚሁ ቃል ገብተውልናል። ሁለት ትምህርት ቤት ሙሉ ሕዝብ አብሮ ትንፋሹን ሲይዝ ራሱ የሚሰማ ነገር አለው።

ዋንጫው የኛ ከሆነ

ያገኘነው ያገኘነው (ድም ድም)
ስንጠብቀው የከረምነው ነው (ድም ድም)
ሰማያዊዎች ኑ፣ አብረን እንያዘው (ድም ድም)
ፎቶው ቀይ ብቻ ከሆነ፣ ምኑን አየነው! (ድድም ጨብ!)

ዋንጫው የእነሱ ከሆነ

ወሰዳችሁት፣ በሉ ያምርባችሁ (ድም ድም)
አደራ ብቻ፣ ከእጅ እንዳይወድቅባችሁ (ድም ድም)
በጨርቅ ጥረጉት፣ አይጫርብን (ድም ድም)
ለዓመት ስንመጣ እንዳለ አስረክቡን! (ድድም ጨብ!)

ከደረጃው ስንወርድ

በዝግታ፣ አንድ ደረጃ በአንድ ምት። ትንንሾቹ ከፊት። ሰማያዊዎቹ በሌላው በኩል በተመሳሳይ ምት ይወርዳሉ፤ በሩ ላይ እንገናኛለን።

እኛ፦ ሰማይ!
እነሱ፦ ፀሐይ! (ድም)
እኛ፦ ሰማይ!
እነሱ፦ ፀሐይ! (ድም)
እኛ፦ ነገ ትምህርት አለ ወይ?
እነሱ፦ ዝም በሉ፣ አታስታውሱን!
ሁላችንም፦ ድም — ድም — ድድም —