የጀርባው ነጥብ

ሂሩት የባሏን ጀርባ ከእሱ በላይ ታውቀዋለች። ከቀኝ ትከሻው ዝቅ ብላ ያለችውን ጥቁር ነጥብም እንዲሁ። ምስር የምታክል፣ ክብ፣ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀለም ያላት ነበረች። ተስፋዬ «ማርያም የሳመችኝ ናት» ይላል።

አንድ ማታ ወገቡን አሞት ቅባት እያሸችው ሳለ እጇ ነጥቧ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ትራሱ ላይ እንደተደፋ።

«ይቺ ነጥብ እንዲህ ነበረች እንዴ?»

«እኔ በየት ዓይኔ አይቻት!» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። መብራቱን አስጠግታ ጎንበስ አለች። ነጥቧ ክብ መሆኗ ቀርቷል። በአንድ በኩል ወረቀት ላይ እንደፈሰሰ ቀለም ተስፋፍታለች። መሃሏ ከሰል መስሏል፣ ዳሯ ቡናማ ነው፣ አንዱ ጥግ ደግሞ ቀላ ብሏል።

«ያምሃል?»

«ኧረ አያመኝም።»

«ያሳክክሃል?»

«አያሳክከኝም። የታመመው ወገቤ ነው፣ እሱን እሺልኝ።»

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኳ ላይ የድሮ ፎቶ ስትፈልግ አመሸች። የዛሬ ሦስት ዓመት ትንሹን ልጃቸውን ዋና ሲያስተምረው ከኋላ ያነሳችውን አገኘች። ነጥቧ እዚያ አለች፤ ትንሽዬ፣ ክብ። ጠዋት ሸሚዙን ከመልበሱ በፊት የልጇን ማስመሪያ አጠገቧ አድርጋ ፎቶ አነሳቻት። 6 ሚሊ ሜትር።

«ሐኪም ይያት» አለችው። «እሺ» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ በዛ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ሳምንት ሄደ። እነዚያን አምስት ሳምንታት ሂሩት ዛሬም ስታስባቸው ያንገበግቧታል።

በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ እንደገና ለካች። 8 ሆናለች።

ተስፋዬ አናጺ ነው። በሚሊ ሜትር ቀልድ አያውቅም። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋ ስልኩን ሰጠችው። አጎላቸው። ቁጥሮቹን ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

«ማስመሪያው ዞሮ እንዳይሆን።»

«አልዞረም።»

ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እኮ ምንም አላመመኝም። ሐኪም ፊት ቀርቤ ምን ልበል? ምንህን ነው ሲለኝ ደህና ነኝ ልበለው?» አለ።

ሂሩት ያኔ ገባት። እስካሁን ችላ ያለ መስሏት ተቆጥታ ነበር። ለካ አፍሯል። ፍርሃትም አለበት።

«አንተ ምንም አትበል» አለችው። «ሸሚዝህን ብቻ አውልቅ። ያየሁት እኔ ነኝ፣ የምናገረውም እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ሥራ አስፈቅደው ሄዱ።

የቆዳ ሐኪሟ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ብርሃን ባላት አጉሊ መነጽር ነጥቧን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ ካልሲውን አስወልቃ ውስጥ እግሩን፣ በጣቶቹ መሃል፣ ጥፍሮቹን ሁሉ አየች። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው አለቻቸው። ሌላ የሚያሰጋ አላገኘችም።

«ካንሰር ነው?» አለች ሂሩት። ተስፋዬ ቃሉን አፉ ሊያወጣው አልቻለም።

«በዓይን አይቼ ነው ወይም አይደለም ልላችሁ አልችልም። ሙሉውን እናወጣትና በማይክሮስኮፕ ትመርመር።»

ቦታው ብቻ በመርፌ ደንዝዞ ነጥቧ ወጣች። ጥቂት ስፌት ብቻ ነው። ከባዱ መጠበቁ ነበር። በእነዚያ 11 ቀናት ተስፋዬ የቤቱን በሮች ሁሉ ጠገነ፣ ያልተበላሹትንም ጭምር።

ውጤቱ ሜላኖማ ነበር፣ የቆዳ ካንሰር። ሂሩት የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ ሰማች። ሐኪሟ ግን ቶሎ ወደ ሌላ ቁጥር አመለከተቻቸው። ወደ ቆዳው የገባበት ጥልቀት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል። በዚህ በሽታ ከስፋቱ ይልቅ የሚፈራው ጥልቀቱ ነው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ወደ ሌላ አካል የመዛመት ዕድሉ ይጨምራል። በዙሪያው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆዳ ተጨምሮ ይነሳል፣ ከዚያ በየጊዜው ክትትል።

«ማን ነው መለወጧን ያየው?» አለች ሐኪሟ እየጻፈች።

ተስፋዬ ቀድሞ መለሰ። «እሷ ናት። እኔ አላየኋትም።»

የሁለተኛው ቁስል ከዳነ በኋላ አንድ ማታ ሂሩት ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ተስፋዬ የልጁን ማስመሪያ ይዞ ገባ። ምንም አልተናገረም። ሸሚዙን አወለቀ፣ መብራቱ ሥር ተቀመጠ፣ ጀርባውን ሰጣት።

«ቀስ ብለሽ እዪልኝ» አለ። «ሁሉንም።»